ካርዱ የወጣበት ቀንና ሽፋኑ የጀመረበት ቀን

ጥያቄ፦ ጎንደር ውስጥ በአንድ የግል ድርጅት በሒሳብ ሠራተኛነት ጥቅምት 1 ተቀጠርኩ። ድርጅቱ ለሠራተኞቹ የሕክምና ኢንሹራንስ አለው። ካርዴ የተሰጠኝ ኅዳር 4 ነው። ኅዳር 21 ሌሊት ሆዴን ቆርጦኝ ሆስፒታል ስሄድ ትርፍ አንጀት ነው ተባልኩና ሳይነጋ ኦፕራሲዮን ሆንኩ። ከኪሴ 38,400 ብር ከፍዬ ደረሰኙን ሳቀርብ ኩባንያው «የ30 ቀን የመጠበቂያ ጊዜ ስላልተጠናቀቀ አንከፍልም» ብሎ ጻፈልኝ። ድንገተኛ ሕመም እንዴት ቀጠሮ ይጠብቃል? ባለቤቴም የአራት ወር ነፍሰ ጡር ናት፤ የእሷስ ወሊድ ይሸፈናል? (ከአዘዞ)

መልስ፦ እግዜር ይማርዎ። የኦፕራሲዮኑ ጉዳይ ተስፋ አለው፤ የወሊዱ ግን እንዲህ በቀላሉ የሚሆን አይመስለኝም።

በመጀመሪያ «ድንገተኛ» የምትለዋን ቃል እንለያት፤ ብዙ ሰው የሚሸነፈው እዚህ ላይ ነውና። አብዛኞቹ የሕክምና ፖሊሲዎች «አደጋ ከመጠበቂያ ጊዜ ነጻ ነው» ይላሉ። በእኛ አነጋገር የመኪና ግጭትም ድንገተኛ ነው፣ ሌሊት የሚነሣ የሆድ ቁርጠትም ድንገተኛ ነው፤ ሁለቱም የሚገቡት ድንገተኛ ክፍል ነው። በመድን ውል ግን አደጋ የሚባለው ከውጭ የመጣ ነገር በአካል ላይ ያደረሰው ጉዳት ነው፦ መውደቅ፣ መቃጠል፣ በተሽከርካሪ መገጨት። ትርፍ አንጀት የቱንም ያህል ቢያጣድፍ ሕመም ነው። ስለዚህ አቤቱታዎን «ድንገተኛ ስለነበረ» ብለው ከጀመሩት ኩባንያው በአንድ መስመር መልሶ ይዘጋዎታል። ፖሊሲው «ሕይወትን የሚያሰጋ አጣዳፊ ሕመም» የሚል የተለየ ነጻ ማድረጊያ ካለው ግን ነገሩ ይለወጣል፤ ይህን ከውሉ ላይ ይፈልጉ።

የመጠበቂያ ጊዜ በራሱ ሕገ ወጥ አይደለም። ሰው ታሞ ኦፕራሲዮን ሲታዘዝለት ብቻ ፖሊሲ እየገዛ፣ ከታከመ በኋላ ቢወጣ ሌሎቹ ለመድኑ የሚከፍሉት አረቦን አይበቃም፤ ኩባንያዎች ይህን ለመከላከል ነው የሚያስቀምጡት። ውሉ ግልጽ ሆኖ «30 ቀን» ካለ ፍርድ ቤትም አይለውጠውም፤ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1733 መሠረት ግልጽ የሆነ ውል በትርጉም ሰበብ አይታለፍም። እንግዲህ የእርስዎ ክርክር 30ው ቀን ሊኖር አይገባም የሚል ሳይሆን ከየትኛው ቀን ተነሥቶ ይቆጠራል የሚል መሆን አለበት።

እዚህ ላይ የእኛ ዘመን አቆጣጠር ይረዳናል፤ ከጳጉሜን በቀር ወሩ ሁሉ 30 ቀን ነው፣ በጣት ይቆጠራል። ኩባንያው ካርዱ ከወጣበት ከኅዳር 4 ጀምሮ ከቆጠረ ኅዳር 21 ገና 18ኛው ቀን ነው፤ መጠበቂያው የሚያልቀው ታኅሣሥ 3 ነው። ከተቀጠሩበት ከጥቅምት 1 ከተቆጠረ ደግሞ መጠበቂያው ጥቅምት 30 አልቋል። በሁለቱ መካከል አንድ ወሳኝ ቀን አለ፦ ሽፋኑ የጀመረው ጥቅምት 21 ወይም ከዚያ በፊት ከሆነ 30ው ቀን እስከ ኅዳር 20 ተጠናቋል፤ ኅዳር 21 ሽፋን ውስጥ ነዎት። ከጥቅምት 22 ጀምሮ ከሆነ ግን በአንድ ቀንም ቢሆን ይወድቃሉ።

ካርዱ ብዙ ጊዜ የሚታተመው ሽፋኑ ከተጀመረ በኋላ ነው። ካርድ ለሆስፒታሉ መታወቂያ ነው እንጂ ውሉን የሚፈጥር ወረቀት አይደለም። በድርጅት ፖሊሲ ውስጥ አዲስ ሠራተኛ የሚጨመረው እንዲህ ነው፦ የድርጅቱ የሰው ኃይል ክፍል ስምዎን፣ የትውልድ ዘመንዎንና የቤተሰብዎን ዝርዝር በደብዳቤ ለኩባንያው ይልካል፤ ኩባንያው ተጨማሪውን አረቦን አስልቶ «ኢንዶርስመንት» የሚባለውን ማሻሻያ ያወጣል። በዚያ ወረቀት ላይ የተሰጠበት ቀንና «ሽፋኑ የሚጸናበት ቀን» ለየብቻቸው ይጻፋሉ። የእርስዎ ክስ የተንጠለጠለው በሁለተኛው ቀን ላይ ነው። ኩባንያው የላከልዎት ደብዳቤ ከየትኛው ቀን እንደቆጠረ ካልገለጸ፣ በጽሑፍ እንዲገልጽ ይጠይቁ። ከየትኛው አንቀጽ፣ ከየትኛው ቀን፣ እስከ የትኛው ክስተት፤ ሦስቱንም ይጥቀሱ ይበሉ። በልምዴ ይህ ጥያቄ ብቻ ውሳኔ ሲያስቀይር አይቻለሁ፤ የክፍያ ክፍል ሠራተኛው ኮምፒውተሩ ላይ ያገኘው የካርዱን ቀን ሊሆን ይችላልና።

ለምሳሌ ይህን እንበል፦ ድርጅትዎ ስምዎን የላከው ጥቅምት 12 ነው፤ ኢንዶርስመንቱ የወጣው ጥቅምት 28 ሲሆን «ከጥቅምት 15 ጀምሮ የጸና» ይላል። 30ው ቀን ጥቅምት 15 ተጀምሮ ኅዳር 14 ያልቃል። ኅዳር 21 ደግሞ 37ኛው ቀን ነው። ኩባንያው 38,400 ብሩን፣ ውሉ በራስዎ እንዲሸፈን ያስቀመጠውን ድርሻ ካለ ቀንሶ፣ ይከፍላል።

ወረቀቱ «ከአባልነት ቀን ጀምሮ» ብቻ ብሎ አባልነት መቼ እንደሚጀምር ካልተረጎመስ? አባልነት በቅጥር፣ በምዝገባ ወይስ በካርድ ነው? ያኔ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1738 ያግዝዎታል፤ አንዱ ወገን ብቻውን ያረቀቀው ቃል አሻሚ ሲሆን ትርጉሙ ወደ ሌላው ወገን ያዘነብላል። ቁጥር 1686ን ጠቅሰው «ይህን አንቀጽ አላውቀውም ነበር፣ አያስገድደኝም» ሊሉም ይችላሉ፤ እኔ ግን ብዙ አልተማመንበትም። ፖሊሲውን የገዛውና የፈረመው ድርጅትዎ ነው፤ እርስዎ የውሉ ተጠቃሚ ነዎት፣ ድርጅቱ ያወቀውና የተቀበለው ነገር በእርስዎም ላይ ይነገራል።

ኩባንያው በቀን ቆጠራው ሲሸነፍ የሚያነሣው ሁለተኛ መከራከሪያ «ሕመሙ ከመግባትዎ በፊት የነበረ ነው» የሚል ነው። ይህ ከመጠበቂያ ጊዜ የተለየ አንቀጽ ነው፤ ቀኑ ቢያልቅም ይቆያል። ትርፍ አንጀት በአብዛኛው በሰዓታትና በቀናት ውስጥ የሚነሣ ስለሆነ ክርክሩ ደካማ ነው፤ ግን የሕክምና ማጠቃለያዎን ያንብቡት። ሐኪሙ የሕመሙን ቆይታ የሚጽፍበት መስመር አለ። አንድ ደንበኛዬ ላይ የእጅ ጽሑፉ «ሁለት ቀን» ይሁን «ሁለት ወር» ሳይለይ ቀርቶ ኩባንያው ወር አድርጎ አነበበው፤ ሐኪሙ በማኅተም ባረጋገጠው ማብራሪያ ነው የተፈታው። ማብራሪያ መጠየቅ መብትዎ ነው፤ ያልነበረ ነገር እንዲጽፉልዎ መጠየቅ ግን ሐሰተኛ ማስረጃ ነው፣ አይንኩት። «ኅዳር 21 ሌሊት» ያሉትም ወደ 21 የሚያነጋው ሌሊት ከሆነ ቁርጠቱ የጀመረው ኅዳር 20 ማታ ነው ማለት ነው። ውሉ የሚቆጥረው ሕመሙ እስከ ጀመረበት ከሆነና የሽፋን ቀንዎ ጥቅምት 21 ላይ ከዋለ ይህቺ አንድ ማታ ገንዘቡን ልታሳጣዎ ትችላለች። እስከ ሆስፒታል መግቢያ የሚቆጥር ከሆነ ግን አታሳስብም።

ኢንዶርስመንቱ ሲገኝ ቀኑ በእርግጥ ከጥቅምት 21 በኋላ ቢሆንስ? ያኔ ጣትዎን ወደ ድርጅትዎ ይመልሱ። በቅጥር ውልዎ ወይም በኅብረት ስምምነቱ «ከቅጥር ቀን ጀምሮ የሕክምና ሽፋን» ከተባለና የሰው ኃይል ክፍሉ ስምዎን አንድ ወር አስቀምጦ ከላከ፣ ጉዳቱን ያደረሰው መዘግየቱ ነው፤ ያጡትን ገንዘብ ከአሠሪዎ መጠየቅ ይችላሉ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የክፍያ ጥያቄዎች በ6 ወር ይታገዳሉና ይህን አያሳድሩ። በኩባንያው ላይ የሚቀርበው ጥያቄ ግን በንግድ ሕጉ ቁጥር 674 መሠረት 2 ዓመት አለው፤ የ1952ቱ የንግድ ሕግ የመድን ክፍል በአዲሱ የንግድ ሕግ አዋጅ 1243/2013 አልተሻረም። ከመክሰስዎ በፊት ግን ፖሊሲው የግልግል ዳኝነት አንቀጽ እንዳለው ያረጋግጡ፤ ካለው ኩባንያው በመጀመሪያ መቃወሚያው ያነሣዋል። ኢንሹራንስ ኩባንያዎችን የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ስለሆነ በዚያ በኩልም አቤት ማለት ይቻላል።

ወደ ባለቤትዎ ልምጣ። መጀመሪያ በቤተሰብ ዝርዝሩ ላይ ስማቸው መኖሩን ያጣሩ። የወሊድ ሽፋን መጠበቂያው ከተራ ሕመም በጣም ይረዝማል፤ 9 ወይም 10 ወር የተለመደ ነው፣ የተመረጠውም ከእርግዝና እንዲበልጥ ታስቦ ነው። ከላይ በወሰድነው ምሳሌ ጥቅምት 15 ላይ 10 ወር ሲጨመር ነሐሴ 14 ላይ ያልቃል። አሁን የአራት ወር ከሆኑ በዚያ ጊዜ ሕፃኑ ተወልዶ ሰነባብቷል። አንዳንዱ ውል መጠበቂያውን እስከ መውለጃው ቀን፣ አንዳንዱ እስከ ፅንሱ ቀን ይቆጥራል፤ በሁለቱም አይደርሱም። በኦፕራሲዮን ቢወልዱም ውሉ ያንን በወሊድ አንቀጽ ውስጥ ካስገባው ያው ነው። ተስፋ የሚኖረው ፖሊሲው ለዚህ ድርጅት ሠራተኞች የወሊድ መጠበቂያውን ያነሣ እንደሆነ ብቻ ነው፤ ብዙ ሠራተኛ ላለው ድርጅት እንዲህ ይደራደራሉ፣ በፖሊሲው ሠንጠረዥ ላይ ይጻፋል።

ቅጽ ሲሞሉ «እርግዝና አለ ወይ?» ከተባለ እውነቱን ይጻፉ። እያወቁ መደበቅ በንግድ ሕጉ ቁጥር 668 ውሉን ፈራሽ ያደርጋል፤ የትርፍ አንጀቱንም ገንዘብ ይዞ ሊሄድ ይችላል። የመንግሥት ጤና ጣቢያ የወሊድ አገልግሎት ነጻ ስለሆነ ክትትሉን ከአሁኑ እዚያ ይጀምሩ። የፖሊሲው መጠበቂያ ጊዜ ከወሊድ ፈቃድ ጋር አይገናኝም፤ ባለቤትዎ ተቀጣሪ ከሆኑ 30 ቀን ቅድመ ወሊድ፣ 90 ቀን ድኅረ ወሊድ ከነደመወዛቸው ያገኛሉ፤ እርስዎም 3 ቀን አለዎት።

ሕፃኑ ሲወለድ ደግሞ ስሙን ለሰው ኃይል ክፍሉ ወዲያውኑ በጽሑፍ ያስገቡና የተቀበሉበትን ቀንና ፊርማ በቅጂው ላይ ያስይዙ። ፖሊሲው ለአራስ ምዝገባ የቀን ገደብ ካስቀመጠና ካለፈዎት ልጁም እንደ አዲስ ገቢ የራሱን 30 ቀን ይጠብቃል።