ገናን ስንጠብቅ ያለፈን መጋቢት

ባለፈው ሳምንት ስታዲየም አካባቢ ማኪያቶ ስጠጣ አንዲት ወጣት የሒሳብ ባለሙያ ጠየቀችኝ። «ጋሼ፣ ፖርትፎሊዮዬን፣ ያሉኝን አክሲዮንና ተቀማጭ ማለቴ ነው፣ በዓመት አንዴ ቀን ቆርጬ ላመጣጥን ወይስ ሚዛኑ ገደብ ባለፈ ቁጥር?» እሷ ጠይቃ ሄደች፤ እኔ ሌሊቱን ሙሉ ስገላበጥ አደርኩ።

በ2012 ካዛንቺስ ባለ ቢሮ የአንድ ድርጅትን የሠራተኞች ቁጠባ ፈንድ እከታተል ነበር። ከቢሯችን ሥር የነበረችው ቡና ቤት ዛሬ የለችም፤ ሰፈሩም ፈርሷል። ፈንዱ በዶላር ነበር፦ 60 ከመቶው የአሜሪካ አክሲዮን፣ 40 ከመቶው ቦንድ። ደንባችን አጭር ነው። በየዓመቱ በገና ሰሞን ከበዛው ሸጠን፣ ካነሰው ገዝተን ወደ 60 ለ40 እንመልሳለን። በመሀል እጅ አናስገባም።

ሐሙስ መጋቢት 3 የአሜሪካ ትላልቅ ኩባንያዎች አክሲዮን የሚለካበት ኤስ ኤንድ ፒ 500 በአንድ ቀን 9.5 ከመቶ ገደማ ወረደ። የፈረንጆቹ ዓመት ሲጀምር 3,230 አካባቢ የነበረው 2,480 ላይ ዘጋ። አርብ ጠዋት ቢሮ ስገባ ረዳቴ ኤክሴሉን ከፍቶ ጠበቀኝ። «ጋሼ፣ አክሲዮናችን 53 ተኩል ገብቷል። አንገዛም?»

«ደንቡ የሚለው ገና ነው» አልኩት።

በዚያው ቀን የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ አዲስ አበባ ውስጥ መገኘቱ ተነገረ። ባለቤቴ ደውላ ነጭ ሽንኩርትና ሎሚ ይዤ እንድመጣ አዘዘችኝ። ከዚያ ወዲያ ስለ ሚዛን ማን ያወራል? መጋቢት 14 ገበያው 2,237 ላይ ደረሰ፤ የእኛ አክሲዮን ወደ 51 ወረደ። እኔ ዝም አልኩ። ያኔ ለራሴ ደንብ አክባሪ ነኝ እል ነበር። እውነቱን ለመናገር ፈርቼ ነው። ደንቡ መደበቂያ ሆነኝ።

ገና ደረሰ። ገበያው ከ3,700 በላይ ነው፤ አክሲዮናችን ከ60 አልፏል። በደንቡ መሠረት ሸጥን። ቀን መቁጠሪያችን ያን ሁሉ መውደቅና መነሳት ጭራሽ አላየውም።

ገደብ ቢኖረን ምን ይሆን ነበር? ለስሌት እንዲመች ፈንዱ 1 ሚሊዮን ዶላር ነበር እንበል፤ ቦንዱንም ባለበት እንቁጠረው። ገደቡ 5 ነጥብ ቢሆን አክሲዮኑ ከ55 ሲወርድ ደወል ይደወላል። ያ የሚሆነው አክሲዮኑ 18 ተኩል ከመቶ ገደማ ሲወድቅ ነው፤ የሐሙሱ መዝጊያ ደግሞ ከዚያ አልፎ ነበር። 600 ሺው 460 ሺ ሆኗል። ወደ 60 ለመመለስ ከቦንድ 56 ሺ ገደማ ሸጠን አክሲዮን እንገዛለን። ገበያው 3,070 አካባቢ ሲደርስ፣ ማለትም ግንቦት መጨረሻ ላይ፣ አክሲዮኑ 65 ይነካና ደወሉ በሌላኛው በኩል ይጮኻል። ያኔ እንሸጣለን። ያ 56 ሺ ዶላር 13 ሺ ገደማ አትርፏል ማለት ነው።

አየህ፣ 13 ሺ ከሚሊዮኑ 1.3 ከመቶ ነው። የሚቆጨኝ ገንዘቡ አይደለም። ሠራተኞቹ 60 ለ40 ብለው የተስማሙበት ፈንድ ሳይነገራቸው ወራት ሙሉ ሌላ ፈንድ ሆኖ መክረሙ ነው።

በኋላ ገደብ አስገባን። ኩራቴ ግን ብዙ አልቆየም። በፈረንጆቹ 2022 አክሲዮንና ቦንድ አብረው ወረዱ። አክሲዮን ሩቡን ያህል አጣ፣ ቦንድም በጣም ተጎዳ። ሚዛኑ ግን ከ57 ብዙም አልራቀም። ደወሉ ዝም አለ። ገደብ የሚለካው አንዱ ከሌላው ሲራራቅ ነው፤ ሁለቱም እኩል ሲሰምጡ ምንም አይልህም።

ታዲያ ገደብ ይሻላል? ለፈንድ አዎ፣ በየቀኑ የሚያይለት ሰው ካለ። ለእናንተ ግን አልመክርም። ስልካችሁን በየደቂቃው ትከፍታላችሁ፤ ቁጥር ከቀላ ሳትነኩ አታድሩም። እኔ ስልክ አልከፈትኩም ነበርና ምን ጠቀመኝ? ብቻ ሁለቱን አዳቅሉ። በየሦስት ወሩ አንድ ቀን ቆርጣችሁ እዩ፤ 5 ነጥብ ካላለፈ ዝጉትና ሂዱ። በመሀል ባሉት ቀናት ገበያው ወድቆ ቢነሳ ያመልጣችኋል፤ እሱን ተቀበሉት።

ልጅቷ ያላት የባንክ አክሲዮንና የጊዜ ገደብ ተቀማጭ ነው። የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያችን ሥራ የጀመረው በጥር 2017 ነው፤ ገዢው ገና ቀጭን ነው። ደወል ቢደወልም በፈለገችው ቀንና ዋጋ ላትሸጥ ትችላለች። ስለዚህ መልሴ ሳትሸጥ እንድታመጣጥን ነው። የትርፍ ድርሻዋና የወር ቁጠባዋ ሲገባ ያነሰው ላይ ትጨምረው። ካላት 100 ብር 66ቱ አክሲዮን ሆኖ 60 ከመቶ ከፈለገች፣ 10 ብር ተቀማጩ ላይ ስትጨምር አክሲዮኑ 66 ከ110 ይሆናል፤ ልክ 60 ከመቶ ነው። አንድም አክሲዮን አልሸጠችም።