የ73 ከብትና የ12 ኩንታል ማሽላ ዘካ

«73 ከብት አለኝ፣ 4ቱ የእርሻ በሬዎች ናቸው። 12 ኩንታል ማሽላም በዝናብ አግኝቻለሁ። ዘካው ስንት ነው? ለድሃ ወንድሜ መስጠትስ እችላለሁ?»

ከከብቱ አንድ ዓመት የሞላቸው 2 ጥጆች፣ ከማሽላው 1 ኩንታል ከ20 ኪሎ ታወጣለህ። ወንድምህ ድሃ ከሆነና ቀለቡ አንተ ላይ ግዴታ ካልሆነ ይገባዋል። ለወላጅና ለልጅ ግን በድህነት ስም አይሰጥም፤ እነሱን ማኖር ቀድሞውንም ግዴታህ ስለሆነ ዘካው ወደ ራስህ ኪስ ይመለሳል።

በሻፊዒና በሐነፊ መዝሀብ የሚያርስ በሬ አይቆጠርም፣ ስለዚህ 69 ይቀራል። ለ30 ከብት አንድ ዓመት የሞላው ጥጃ፣ ለ40 ሁለት ዓመት የሞላት ጊደር ነው። 60 ሁለት ሠላሳ ነው፤ ትርፎቹ 9 ምንም የለባቸውም። በማሊኪ ግን በሬዎቹም ስለሚቆጠሩ ስሌቱ ይለያል። ይህ ሁሉ በግጦሽ ለሚውል ከብት ነው፤ መኖ ተገዝቶለት ለሚቀለብ በሁለቱ መዝሀቦች የከብት ዘካ የለም።

ማሽላው ዓመት አይጠብቅም፣ ሲታጨድ ነው። መነሻው በሻፊዒና በማሊኪ 5 ወስቅ፣ በዛሬ ግምት ከ6 ኩንታል ተኩል ትንሽ ያለፈ ነው። በዝናብ የበቀለ አንድ አሥረኛ ይወጣበታል፤ በፓምፕ ብታጠጣው ግማሹ፣ 60 ኪሎ ብቻ ይሆን ነበር።

አንድ ነገር ተጠንቀቅ፦ ዓመቱ ሳይሞላ የተወለደ ጥጃ ከእናቱ ጋር ይቆጠራል። አንድ እንኳ ዘለህ ከሆነ 70 ገባህ ማለት ነው፤ ያኔ አንድ ጥጃና አንዲት ጊደር ነው የምታወጣው።