«ወደ ሁለት ሺህ ቀንሰናል» ሲባል ዋጋው ስንት ነው?

«መምህር፣ ባሕር ዳር አንድ ሆቴል ውስጥ አስተርጓሚ ነኝ። የአንድ ክፍል ዋጋ 4,200 ብር ነው። ሥራ አስኪያጁ ለውጭ አገር አስጎብኚው ‹ለቡድን ወደ ሁለት ሺህ ቀንሰናል› አለው። እኔ ዋጋው 2,000 ሆነ ብዬ ተረጎምኩ። በኋላ ሥራ አስኪያጁ ‹እንደዚያ አላልኩም› ብሎ ተቆጣኝ። ማን ነው የተሳሳተው?»

ወንድሜ፣ አማርኛው ሁለቱንም ይፈቅዳል። ስህተትህ ሳትጠይቅ አንዱን መምረጥህ ነው።

«ወደ» ሁለት ሥራ አላት። አንደኛው መድረሻን ማሳየት ነው፤ «ወደ ጎንደር ሄደ» እንደምንለው። ሁለተኛው ግምት ነው፤ «ወደ ሠላሳ ሰው ይሆናል» ስንል ልክ ሠላሳ ማለታችን አይደለም። ቁጥር ላይ ስትመጣ ከሁለቱ የትኛውን እንደያዘች የሚነግርህ ግሱ ነው። «ወደ 2,000 አወረድነው» ካለ መድረሻ ነው። «ወደ 2,000 ያወጣል» ካለ ግምት ነው። እስከዚህ ድረስ ማንም አይሳሳትም።

ጉዱ ያለው «ቀነሰ» ላይ ነው። ይህ ግስ ዋጋንም ይቀንሳል፣ መጠንንም ይቀንሳል። «ዋጋውን ቀነሰ» እንላለን፣ «ሁለት መቶ ብር ቀነሰ»ም እንላለን። አሁን የሥራ አስኪያጁን ዓረፍተ ነገር መለስ ብለህ እየው፤ «ዋጋውን» የሚል ቃል የለበትም። ስለዚህ ሁለት ሺህ ራሱ የሚቀነሰው መጠን ሊሆን ይችላል። ያኔ ትርጉሙ «ሁለት ሺህ ገደማ አንስተንላችኋል» ይሆናል፤ ዋጋው ደግሞ 2,200 አካባቢ። «ዋጋውን ወደ ሁለት ሺህ ቀንሰናል» ቢል ኖሮ ግን የሚቀነሰው ነገር ዋጋው ነው፣ ሁለት ሺህ የሚደርስበት ቦታ ነው፣ አለቀ።

አብዛኛውን ጊዜ ይህ አሻሚነት አይታወቀንም። የቁጥሩ ትልቅነት ራሱ ይነግረናል። ከ4,200 ላይ «ወደ 500 ቀንሰናል» ቢልህ አንተም እኔም ዋጋው 500 ሆነ ብለን አናስብም። ቁጥሩ ከዋጋው ግማሽ አካባቢ ሲያርፍ ግን፣ ያንተ እንደገጠመህ፣ ሁለቱም ትርጉም እኩል ያስኬዳል፤ ሰሚ የፈለገውን ይሰማል፣ ገዢ ደግሞ የሚረክሰውን ነው የሚሰማው። ልዩነቱን አስላው። በክፍል 200 ብር ነው። ቡድኑ 15 ክፍል ለ3 ሌሊት ቢይዝ 9,000 ብር ይሆናል።

ታዲያ ምን ታደርጋለህ? ቆም ብለህ ትጠይቃለህ። «ጋሼ፣ የክፍሉ ዋጋ ራሱ ስንት ሆነ? ልክ ነው ወይስ ገደማ?» በለው። ለእንግዳውም ቁጥሩን እያጣራህ መሆኑን ንገረው፤ ሁለታችሁ በአማርኛ የምታወሩት ነገር ሳይገባው ሲቀር መጠራጠር ይጀምራልና። ሥራ አስኪያጁ ሁለት ሺህ ሁለት መቶ ሲልህ በወረቀት ላይ በአኃዝ ጽፈህ ለሁለቱም አሳያቸው። እኔ በወጣትነቴ ይህን ባለማድረጌ አንድ ሙሉ ከሰዓት የተደራደሩበት ውል እንደገና ከዜሮ ሲጀመር አይቻለሁ። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ዋጋው 2,200 መሆኑ ከተጣራ በኋላ ሌላ ትንሽ ቃል ትመጣለች፤ «ከነ»። ሥራ አስኪያጁ «2,200 ከነቁርሱ ነው» ቢል፣ ከነ የምትሸፍነው የተለጠፈችበትን ነገር ብቻ ነው፤ ቁርሱን። ስለ ቫትና ስለ ሰርቪስ ቻርጅ ምንም አላለም። አስተርጓሚው «ሁሉም ነገር በውስጡ ነው» ብሎ ካለፈ ሥራ አስኪያጁ ያልሰጠውን ሰጠ። 10 በመቶ ሰርቪስ ቻርጅ ሲጨመር 2,420 ይሆናል፤ በዚያ ላይ 15 በመቶ ቫት ሲሰላ 2,783 ይደርሳል። የሆቴል ሰዎች ይህን «ፕላስ ፕላስ» ይሉታል፣ የውጭ ገዢዎችም ቃሉን ያውቁታል። ስለዚህ «ከነቫቱና ከነሰርቪሱ ነው ወይስ ፕላስ ፕላስ?» ብለህ ጠይቅ። የመለሰልህን ቃል እንዳለ ተርጉም፤ አንተ አትደምርለት።

ከዋጋው ቀጥሎ የስረዛው ቀን አለ። ይህን ብዙ ሰው ንቆ ያልፈዋል። ቡድኑ ጥምቀትን ጎንደር ለማክበር ሲያልፍ ባሕር ዳር የሚገባው ጥር 6 ነው እንበል። ሥራ አስኪያጁ «ከአንድ ወር በፊት ከሰረዙ አናስከፍልም» ይላል። በእሱ አእምሮ ወር 30 ቀን ነው፤ ስለዚህ የመጨረሻው ቀን ታኅሣሥ 6 ነው። እንግዳው ደግሞ ጥር 6ን በራሱ አቆጣጠር ጃንዋሪ 14 ብሎ ይይዘዋል፣ አንድ ወር ወደኋላ ሲቆጥር ዲሴምበር 14 ላይ ይደርሳል። ዲሴምበር 14 ግን በእኛ ታኅሣሥ 5 ነው። የዲሴምበር 31ኛ ቀን ናት ያጣላቻቸው። አንድ ቀን ምን አላት አትበል፤ ስረዛው በዚያች ቀን ከመጣ አንዱ በጊዜው ነው ይላል፣ ሌላው አልፏል ይላል። «ወር» የሚለውን ቃል እንዲያስቀሩትና «30 ቀን» እንዲሉ ጠይቃቸው፣ ቀኑንም በሁለቱም አቆጣጠር አስጽፋቸው። ቀን ስትቀይርም በቃልህ የያዝከውን አትመን። ጥምቀት ጃንዋሪ 19 ነው ብለን ለምደናል፤ ጳጉሜ 6 ከሆነች በኋላ በሚመጣው ጥር ግን ጃንዋሪ 20 ላይ ይውላል። በ2016 እንደዚያ ነበር፣ በ2020ም እንደዚያው ይሆናል።

የመጨረሻው «እሺ» ነው። እኛ ጎጃሞች ሰው ሲናገር «እሺ፣ እሺ» እያልን እናዳምጣለን። ሰማሁህ፣ ቀጥል ማለታችን ነው። ገዢው «ቅድሚያ ክፍያ 20 በመቶ ብቻ እንክፈል» እያለ አንተ ስትተረጉምለት ሥራ አስኪያጁ «እሺ...» ቢል፣ ያቺን እሺ ተስማምቷል ብለህ መተርጎም የለብህም። ድምፁን ስማ። ወደ ላይ ተንጠልጥላ ከቀረች ገና እየሰማ ነው። ወደ ታች ወርዳ፣ «ይሁን» ወይም «ተስማምቻለሁ» የሚል ከተከተላት፣ ያኔ ስምምነት ነው። «እናያለን»ም እንደዚሁ ነው፤ ብዙ ጊዜ በጨዋ አንደበት «አይሆንም» ማለት ነው። አንተ ግን «አይሆንም» ብለህም «ይሆናል» ብለህም አትተርጉመው። «እናያለን» ያለውን እንዳለ አስተላልፍ፤ ገዢው «መቼ?» ብሎ ይጠይቅ፣ ሥራ አስኪያጁም ራሱ ይመልስ።

ሥራ አስኪያጅህ «ስንት ጊዜ ትጠይቀኛለህ?» ብሎ ሊያኮርፍ ይችላል። ገና ወደ ድርድሩ ሳትገቡ «ጋሼ፣ ቁጥርና ቀን ሲመጣ አቋርጬ እጠይቅዎታለሁ» ብለህ አስቀድመህ አስፈቅደው። ከመነሳታችሁ በፊት ደግሞ የጻፍከውን ለሁለቱም በየቋንቋቸው አንብብላቸው፤ «አንድ ክፍል፣ በሌሊት 2,200 ብር፣ ከነቁርሱ፣ ቫትና ሰርቪስ ለብቻው፣ 15 ክፍል፣ 3 ሌሊት፣ ያለክፍያ የሚሰረዝበት የመጨረሻ ቀን ታኅሣሥ 6።» ወደ የለ፣ ገደማ የለ።