ሁለት ኦዲተር ይዞ የዓመት ዕቅድ ማውጣት

ጥያቄ፦ «የከተማ ውሃ አገልግሎት የውስጥ ኦዲት ውስጥ ነኝ። ያለነው ሁለት ሰዎች ነን። በስጋት ላይ የተመሠረተ ዕቅድ አቅርቡ ተብለናል። ሁሉንም ክፍል እንዴት እናዳርሰው?»

አታዳርሱትም፤ ዕቅዱም ይህን በግልጽ ይናገር። እኔም ሰሜን ሸዋ ውስጥ ከአንድ ባልደረባዬ ጋር ስሠራ መጀመሪያ ክፍሎቹን በአራት ሩብ ዓመት አካፈልኳቸው። ሰኔ ሲደርስ ግማሹን እንኳ አልነካንም ነበር።

በሚቀጥለው ዓመት ከቀን ጀመርን። እረፍት፣ በዓል፣ የዓመት ፈቃድና ሥልጠና ሲወጣ ለሁለታችን 420 የሥራ ቀን ቀረ። ሥራ አስኪያጁ በድንገት ለሚያዘው ማጣራት 80፣ ያለፈ ግኝት ለመከታተል 40፣ ለሰኔ 30 ቆጠራ 40፣ ለዕቅድና ለሪፖርት 40 ቀነስን። የተረፈው 220 ነው። አንድ ደህና ኦዲት 40 ቀን ይበላል፤ ስለዚህ ቦታ ያለን ለአምስት ሥራ ብቻ ነበር።

አምስቱን ለመምረጥ የመከሰት ዕድሉንና ጉዳቱን ከ1 እስከ 5 ሰጥተን አባዛን። እዚህ ላይ ተሳስተን ነበር። ገንዘብ ስለሚይዝ ብቻ ለካሸሩ 25 ሰጠነው። ካሸሩ ግን በየቀኑ ባንክ ያስገባል፣ ሂሳብ ክፍልም ከደረሰኙ ጋር ያስታርቃል። ቆጣሪ አንባቢውን የሚያመሳክር ግን ማንም አልነበረም። የአንድ ወር ምርት 60,000 ሜትር ኩብ ሆኖ ቢል የተቆረጠበት 39,000 ነበር። 35 በመቶው ጠፍቷል ማለት ነው። ንባብና ቢል አንደኛ ወጣ።

ልዩነቱ ሁሉ የአንባቢ ጥፋት አይደለም፤ መስመር ላይ የሚፈሰውም አለበት። ለመለየት ሦስት ወር ሙሉ ዜሮ ወይም አንድ ዓይነት ፍጆታ የተሞላላቸውን ደንበኞች ከቢል ሲስተሙ አወጣን። 60 ቤት መርጠን ከአንባቢው ጋር ሳይሆን ከጥገና ባለሙያ ጋር ሄድን። 22ቱ ቆጣሪያቸው ቆሟል። 9ኙ ዝግ ቤት ናቸው። 12ቱ ትክክል ሆነው ተገኙ። 17ቱ ጋ ግን ቆጣሪው እየሠራ፣ ንባቡ ቢሮ ተቀምጦ የተሞላ ነበር። ውሃ በፈረቃ በሚደርስበት ሰፈር ደግሞ ተጠንቀቁ፤ አየር ቆጣሪውን ስለሚያሽከረክረው ከፍ ያለ ንባብ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም።

ሁለተኛ የወጣው ንብረት ክፍል ነው። ቧንቧና መገጣጠሚያ በሞዴል 22 ይወጣል፤ የትኛው መስመር ላይ እንደገባ የሚያሳይ የጥገና ትእዛዝ ግን አልነበረም።

የመስክ ሥራውን ከጥቅምት እስከ ጥር አድርጉት። ሐምሌና ነሐሴ ጭቃው ሰፈር ለሰፈር አያዞርም፤ ሂሳብ ክፍልም በዓመት መዝጊያ ተይዞ ሰነድ አያወጣላችሁም።

ያልተያዙትን ክፍሎች ከነነጥባቸው በዕቅዱ መጨረሻ ጻፉና ቦርዱ ይፈርምበት። አንዱን ጨምሩ ካሉ የትኛው እንደሚወጣ ጠይቋቸው። ሦስት ዓመት ሳይታይ የቆየ ክፍል ካለ ግን፣ ነጥቡ ዝቅ ቢልም ከአምስቱ አንዱን ቦታ ስጡት።