መልስ፦ የመዳቡ ክብደት ለምን እጥፍ መጣ?

«2 አምፔር ለ30 ደቂቃ በኮፐር ሰልፌት ውስጥ ሲያልፍ ካቶዱ ላይ ስንት ግራም መዳብ ይለጠፋል? እኔ 2.37 አገኘሁ፣ መልሱ ግን 1.19 ይላል።»

ቻርጁን በትክክል ነው ያሰላኸው። ደቂቃውን ወደ ሰከንድ ቀይረህ 2 × 1800 = 3600 ኩሎምብ። ይህን የአንድ ሞል ኤሌክትሮን ቻርጅ ለሆነው ለ96,485 ስታካፍል 0.0373 ሞል ይሆናል። ችግሩ እዚህ ጋ ነው፤ ይህ የኤሌክትሮን ሞል እንጂ የመዳብ አይደለም። አንተ ግን በቀጥታ በመዳብ ሞላር ክብደት በ63.55 አባዛኸው።

Cu²⁺ መዳብ ሆኖ ለመለጠፍ ሁለት ኤሌክትሮን ይፈልጋል። ስለዚህ መጀመሪያ ለ2 አካፍል፤ 0.01866 ሞል መዳብ ታገኛለህ፣ በ63.55 ሲባዛ 1.19 ግራም ነው። ባጭሩ፣ m ክብደቱ፣ I ከረንቱ፣ t ሰከንዱ፣ M ሞላር ክብደቱ፣ n አንዱ አዮን የሚፈልገው የኤሌክትሮን ብዛት፣ F ደግሞ 96,485 ሆኖ፦

m = (I × t × M) ÷ (n × F)

በብር ናይትሬት ቢሆን ኖሮ Ag⁺ አንድ ኤሌክትሮን ብቻ ስለሚወስድ ማካፈል አያስፈልግም ነበር። በዚያው ቻርጅ 4.02 ግራም ብር ይወጣል።

ላብራቶሪ ውስጥ ከሠራኸው ደግሞ ቁጥሩ ልክ ላይመጣ ይችላል። ከረንቱ ለካቶዱ ስፋት ከበዛ ጠቆር ያለ፣ ዱቄት መሳይ መዳብ ይወጣና ሲታጠብ ይረግፋል። ካቶዱ ላይ አረፋ ካየህ ከኤሌክትሮኑ ከፊሉ ሃይድሮጅን እየሠራ ነው፤ ክብደቱ ይቀንሳል። ክብደቱ ከስሌቱ ከበለጠ ግን ካቶዱ ሳይደርቅ መዝነኸው ይሆናል።