ኖርዘርን ሮክ፦ ዕርዳታው ሰልፍ የጠራበት ባንክ

አዲስ ባንክ ቤት ለገባችሁ ልጆቼ። እኔ ዕድሜዬን በዚሁ ሥራ የጨረስኩ ሰው ነኝ። ስለ “የመጨረሻ አበዳሪ”፣ ማለትም ሌላ አበዳሪ ሲጠፋ ለባንኮች ስለሚያበድረው ማዕከላዊ ባንክ ስታነቡ የእንግሊዙን ኖርዘርን ሮክ ጉዳይ በደንብ አጥኑት።

ይህ ባንክ ለቤት ገዢዎች የረጅም ዓመት ብድር ይሰጥ ነበር። ከሚያበድረው ገንዘብ ሦስት አራተኛ ያህሉ ግን የመጣው ከአስቀማጭ ሳይሆን ከገንዘብ ገበያ ነው። ነሐሴ 2007 (እ.ኤ.አ.) ገበያው ድርቅ አለ። ብድሮቹ አልተበላሹም ተብሎ ይታመን ነበር፤ ጥሬ ገንዘብ ግን አጠረ። የአገሪቱ ማዕከላዊ ባንክ የሆነው የእንግሊዝ ባንክ መያዣ ይዞ፣ ወለዱን ከፍ አድርጎ ሊያበድረው ተስማማ። የመጨረሻ አበዳሪ መርህም የሚለው ይህንኑ ነው።

መስከረም 13 ማታ ወሬው በቢቢሲ ወጣ። በማግስቱ ሕዝቡ በየቅርንጫፉ ተሰለፈ። ሊያረጋጋ የታሰበው ብድር ራሱ “ባንኩ ተቸግሯል” የሚል ማስታወቂያ ሆነ።

የተሰለፉትን ሞኞች እንዳትሏቸው። የዚያን ጊዜው የተቀማጭ ዋስትና የመጀመሪያውን 2,000 ፓውንድ ሙሉ በሙሉ፣ ከዚያ በላይ ያለውን 33,000 ደግሞ 90 በመቶ ብቻ ይሸፍን ነበር። 30,000 ያለው ሰው ባንኩ ቢወድቅ 27,200 ያገኛል፤ 2,800 ይቀርበታል። ያውም ጠብቆ። እኔም ብሆን እሰለፍ ነበር! ሰልፉ የተበተነው መስከረም 17 የገንዘብ ሚኒስትሩ አሊስተር ዳርሊንግ መንግሥት ለተቀማጩ ሁሉ ዋስ ነው ካሉ በኋላ ነው።

ሞራል ሃዛርድ የሚባለው ጣጣ እዚህ ይመጣል። ኪሳራው የሌላ ሰው እንደሚሆን ያወቀ፣ ለአደጋ ግድ አይኖረውም። የእንግሊዝ ባንክ ገዥ መርቪን ኪንግ ከወሬው አንድ ቀን በፊት ይህንኑ ሥጋት ለፓርላማ ጽፈው ነበር። ሥጋቱ እውነት ነው። ግን እኔ የምጠይቀው “የማን ጥንቃቄ ነው የሚላላው?” ብዬ ነው። ጡረተኛዋ አስቀማጭ የባንክ ሒሳብ መርምራ አደጋ ልትለይ አትችልም፤ እሷን መቅጣት ማንንም አያስተምርም። መመርመር የሚችሉት ባለአክሲዮኖችና ትልልቅ አበዳሪዎች ናቸው። ዋስትናው በኋላ ከትልልቆቹ አበዳሪዎች ለብዙዎቹም ተዘረጋ። እኔን የሚቆረቁረኝ ይሄ ነው፤ በሚቀጥለው ጊዜ ለምን ይጠነቀቃሉ?

“ለከሰረ አታበድር፣ ጥሬ ገንዘብ ላጠረው አበድር” የሚለው መርህ መጽሐፍ ላይ ቀላል ነው። ችግሩ በዚያች ሌሊት ሁለቱን መለየቱ ላይ ነው፤ ገበያ ሲደርቅ የመያዣውን ዋጋ በእርግጠኝነት የሚናገር የለም። ስለዚህ ብድሩን ሰጥቶ፣ ኪሳራ ከመጣ ማን እንደሚሸከመው አስቀድሞ መወሰን ይሻላል። ኖርዘርን ሮክ የካቲት 2008 በመንግሥት ተወረሰ። ባለአክሲዮኖቹ ካሳ ጠየቁ። ገለልተኛው ገማች አክሲዮናቸው ምንም ዋጋ የለውም አለ፤ አንድ ፓውንድም አልተከፈላቸውም።