ሲም ማስወጣት ለባንኩ ማሳወቅ አይደለም

ጥያቄ፦ «ቡሬ ውስጥ በርበሬ ነጋዴ ነኝ። ሐሙስ ከቀኑ 9 ሰዓት ገደማ ፍኖተ ሰላም መናኸሪያ ላይ ስልኬ ጠፋብኝ። በማግሥቱ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ምትክ ሲም አስወጥቼ ቁጥሬ ተመለሰልኝ። ቅዳሜ ባንክ ሄጄ ሳይ ግን ሐሙስ ማታ 15,000፣ ዓርብ ከሰዓት ደግሞ 42,000 ብር ወደማላውቀው ሰው ሒሳብ ተልኳል። የሚስጥር ቁጥሬን ማንም አያውቅም፤ መተግበሪያውንም የጫነልኝ የእህቴ ልጅ ነው። ባንኩ አይመለከተኝም ብሎኛል። ከስሼ ብሬን ማስመለስ እችላለሁ?»

መልስ፦ መክሰስ ይችላሉ፤ ክሱ የሚያዛልቅ መሆን አለመሆኑ ግን የሚወሰነው በደብዳቤዎ ባልጻፉት ነገር ነው። ከሐሙስ ከሰዓት እስከ ቅዳሜ ድረስ በነበረው ጊዜ ባንኩ በታሪክዎ ውስጥ የለም። ሲም ማስወጣትዎን ከነሰዓቱ ነግረውኛል፤ ስልኩ መጥፋቱን ለባንኩ መቼ፣ በየትኛው ቁጥር፣ ለማን እንዳሳወቁ ግን አንድ ቃል አላሉም። ደውለው ከሆነ ማስረጃውን ይፈልጉ። ካልደወሉ ደግሞ አሁኑኑ ለጠበቃዎ በግልጽ ይንገሩት፤ ደንበኛ የደበቀውን ነገር የባንኩ ነገረ ፈጅ በችሎት ላይ ማውጣቱ አይቀርም።

ብዙ ደንበኞች የሚሳሳቱት እዚሁ ላይ ነው። ቁጥሩ ከተመለሰ ሒሳቡም የተዘጋ ይመስላቸዋል። ኢትዮ ቴሌኮም የሚዘጋው ግን ሲሙን እንጂ የባንክ ሒሳቡን አይደለም። የባንክ መተግበሪያ መጀመሪያ ሲከፈት ሒሳቡን ከዚያው ስልክ ጋር ያስረዋል፤ ይኸውም በስልኩ ውስጥ ልዩ መለያ ያስቀምጥና ባንኩ ከዚያ በኋላ ትእዛዝ የሚቀበለው ይህ መለያ ካለበት ስልክ ብቻ ይሆናል። ይህ አሠራር ሌላ ሰው ከሩቅ ሆኖ በሚስጥር ቁጥርዎ ብቻ ገንዘብ እንዳያወጣ ይጠብቅዎታል። የታሰረው ስልክ ራሱ በሌባ እጅ ሲገባ ግን ጥበቃው ለሌባው ይሆናል። ሲሙ ቢዘጋም በዋይፋይ መሥራት የሚቀጥሉ መተግበሪያዎች አሉ፤ ባንኩ «ይህን ስልክ ከሒሳቡ ሰርዝ» ተብሎ እስኪጠየቅ ድረስም ያንን ስልክ እንደ እርስዎ ይቆጥረዋል።

ስለዚህ ሁለቱን ዝውውሮች ለያይተን እንያቸው። የሐሙስ ማታው 15,000 ብር የተላከው ሲሙ ገና ሳይዘጋ ነው። በአጭር ቁጥር ደውሎ በሚከፈተው አገልግሎት ሊሆን ይችላል፤ ሲሙን አውጥቶ ሌላ ስልክ ውስጥ የከተተ ሰው የሚቀረው የሚስጥር ቁጥሩን መገመት ብቻ ነው። የዓርቡ 42,000 ብር ግን ምትክ ሲም ከወጣ በኋላ ስለተላከ አሮጌው ሲም ሊያደርገው አይችልም። የሚቀሩት ሁለት መንገዶች ናቸው፦ ወይ የጠፋው ስልክ በመተግበሪያው በኩል ልኮታል፤ ወይም ሐሙስ ማታ ሲሙ ገና ሲሠራ በአጭር መልእክት የመጣውን የማረጋገጫ ኮድ ተጠቅሞ ሌላ ስልክ በሒሳብዎ ላይ ታስሯል።

በሕግ ፊት የሁለቱ ልዩነት ትልቅ ነው። የመጀመሪያው ከሆነ ባንኩ «አላሳወቀኝም» የሚል ጠንካራ መከላከያ አለው። ሁለተኛው ከሆነ ግን አዲስ ስልክ በአንድ አጭር መልእክት ብቻ ሲታሰር ባንኩ ምን ጥንቃቄ አደረገ ብሎ መጠየቅ ይቻላል። መልሱ ያለው በባንኩ መዝገብ ውስጥ ነው። ስለዚህ የሒሳብ መግለጫ ብቻ ተቀብለው አይመለሱ፤ እያንዳንዱ ዝውውር የተፈጸመበት መንገድና ሰዓት፣ በመተግበሪያው ከሆነም በየትኛው ስልክ እንደሆነ እንዲገለጽልዎት በጽሑፍ ይጠይቁ። የራስዎን ስልክ ለመለየት የሚያስፈልገው 15 አሃዝ ያለው መለያ በስልኩ ካርቶን ላይ ተጽፏል፤ ካርቶኑን አይጣሉት። ስልኩ ያልጠፋበት አንባቢ *#06# ደውሎ ቁጥሩን ዛሬውኑ ወረቀት ላይ ያስፍር።

«የሚስጥር ቁጥሬን ማንም አያውቅም» ያሉትን ለማመን ተቸግሬያለሁ፤ አይቆጡኝ። መተግበሪያውን የጫነልዎት ሰው ቁጥሩን ሲያስገቡ አጠገብዎ አልነበረም? ቁጥሩ የልደት ዘመንዎ ወይም የስልክዎ የመጨረሻ አራት አሃዞች አይደለም? የመታወቂያ ፎቶ ስልኩ ውስጥ ካለ የልደት ዘመንን በእኛም በፈረንጆቹም አቆጣጠር መሞከር ሁለት ግምት ብቻ ይፈልጋል፤ የሚስጥር ቁጥሩ የሚቆለፈው ከተወሰኑ ስሕተቶች በኋላ ስለሆነ ሌባው ሁለቱንም የመሞከር ዕድል አለው። ስልኩን ለመክፈት የሚጠቀሙበትን ቁጥር ለባንክም ከተጠቀሙበት ደግሞ መናኸሪያው ላይ ከኋላዎ የቆመ ሰው ሁለቱንም በአንድ ጊዜ አይቶታል። ይህን የምጠይቀው ባንኩ መጠየቁ ስለማይቀር ነው። ይሁንና የእህትዎን ልጅ ያለ ማስረጃ ሌባ ነው ብለው ለፖሊስም ለጎረቤትም እንዳይናገሩ፤ ነገሩ ሐሰት ሆኖ ከተገኘ ተከሳሹ እርስዎ ሊሆኑ ይችላሉ።

ሕጉን ባጭሩ ላስቀምጠው። የሌላውን ሒሳብ ያለ ፈቃድ ከፍቶ ገንዘብ መውሰድ በኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያስቀጣል፤ ገንዘቡ የገባለት ሰውም ያለ አግባብ የበለጸገበትን እንዲመልስ በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2162 መሠረት ሊጠየቅ ይችላል። የተቀባዩን ማንነት ባንኩ ለእርስዎ በቃል አይነግርዎትም፤ ለፖሊስና ለፍርድ ቤት ግን በትእዛዝ ይሰጣል። ከባንኩ ጋር ያለው ክርክር በዋናነት የሚመራው በፈረሙት ውል ነው፤ በሕግ አግባብ የተቋቋመ ውል በተዋዋዮቹ መካከል ሕግ መሆኑን አንቀጽ 1731 ይደነግጋል። እንዲህ ያሉ ውሎች ብዙ ጊዜ ደንበኛው እስኪያሳውቅ ድረስ ያለውን ኪሳራ በደንበኛው ላይ፣ ካሳወቀ በኋላ ያለውን በባንኩ ላይ ያደርጋሉ። የእርስዎን ውል ሳላነብ ግን «ይረታሉ» አልልም። አገልግሎቱን ሲከፍቱ የፈረሙት ቅጽ ቅርንጫፉ ውስጥ ይገኛል፤ ቅጂውን አስወጥተው ለጠበቃ ያሳዩ።

አሁንም ያላሳወቁ ከሆነ ጊዜ አያጥፉ። ወደ ባንኩ የጥሪ ማዕከል ደውለው አገልግሎቱን ያዘጉ፣ የአቤቱታ ቁጥር ይጠይቁ፣ የደወሉበትን ሰዓት ይመዝግቡ። ኔትወርክ ከሌለ በአካል ወደቀረበው ቅርንጫፍ ይሂዱ፤ ሒሳቡ የተከፈተበት ቅርንጫፍ ካልሆነ አይሆንም ቢሉዎት እንኳ ደብዳቤውን ይቀበሉ ዘንድ አጥብቀው ይጠይቁ። ደብዳቤው በሁለት ቅጂ ይዘጋጅና አንዱ የገቢ ማኅተም፣ ቀንና ሰዓት ተደርጎበት ይመለስልዎት። ቃሉ ከዚህ አይበልጥም፦ «በሒሳብ ቁጥሬ ላይ የተመዘገበው ስልክ ስለጠፋ ከሒሳቤ ጋር የታሰሩ ስልኮች በሙሉ እንዲሰረዙ፣ የሞባይል ባንኪንግ አገልግሎቱ እንዲታገድ፣ ያለ ፈቃዴ የተላከው ገንዘብ በተቀባዩ ሒሳብ ላይ እንዲያዝ አመለክታለሁ።» «ስልኮች በሙሉ» የሚለውን አይዝለሉት፤ እርስዎ የማያውቁት ሁለተኛ ስልክ ታስሮ ከሆነ የሚያስወጣው እሱ ነው። ሲሙን ለማዘጋት ለኢትዮ ቴሌኮም 994 መደወል ከዚህ ጎን የሚደረግ እንጂ በዚህ ምትክ የሚሆን አይደለም።

ከዚያም ደብዳቤውን፣ ምትክ ሲም ያወጡበትን ደረሰኝ ከነሰዓቱ፣ የስልኩን ካርቶንና የሒሳብ መግለጫውን ይዘው ስልኩ ለጠፋበት ከተማ ፖሊስ ያመልክቱ፤ የማመልከቻውን ቁጥርም ይቀበሉ። ብሩ በጥሬው የወጣበት ቅርንጫፍ ካለ የካሜራ ምስሉ እንዲያዝ መርማሪውን በዚያው ቀን ይጠይቁት፤ ምስል በአዲስ ምስል እየተተካ ስለሚጠፋ ክሱ እስኪከፈት አይጠብቅም። እነዚህ ወረቀቶች ከተሟሉ በኋላ ዞኑ ከተማ ያለ ጠበቃ ዘንድ ይሂዱ፤ ክሱ በባንኩ፣ በተቀባዩ ወይስ በሁለቱም ላይ፣ በየትኛው ፍርድ ቤት እንደሚቀርብ መወሰን የሚቻለው ሰነዶቹ ታይተው ነው።